ማሽን ፊት ቆሞ ማስተርጎም፦ በማሸጊያ መስመር ሥልጠና ላይ የአስተርጓሚው ሥራ

ከውጭ የመጣ ቴክኒሻን ማሸጊያ ማሽን ላይ ሲያሠለጥን አጠገቡ ቆማችሁ ስታስተረጉሙ፣ የምትናገሩት ቃል ወዲያው ወደ ሰው እጅ ይሄዳል። ስብሰባ ላይ ያመለጠ ቃል ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይታረማል። እዚህ ግን "ዝጉት" ወይም "አዙሩት" ስትሉ መዝጋቱንና ማዞሩን የሚሠራው ሰው እጁን ቀድሞ አዘጋጅቷል። ስለዚህ ዝግጅቱም አነጋገሩም ከአዳራሽ አስተርጓሚነት ይለያል።

ነገሩን ለማሳየት በአንድ ማሽን ላይ እቆያለሁ፤ እሱም ቋሚ ማሸጊያ ነው። የፕላስቲኩ ጥቅል ከኋላ ይፈታና በቱቦ ዙሪያ ይጠቀለላል። ጎንና ጎኑ በቁመት ይጣበቃል፤ ከታች ደግሞ ሁለት የጋሉ መንጋጋዎች በአግድም ጨብጠው ያጣብቁታል፤ በመካከላቸው ያለው ቢላ ይቆርጠዋል። ዱቄቱ ከላይ በቱቦው ውስጥ ይወርዳል፤ ከታች የታሸገ ከረጢት ይወጣል።

1. ከአንድ ቀን በፊት መስመሩን ከሠራተኛው ጋር ዙሩት

መዝገበ ቃላት ከማገላበጣችሁ በፊት ማሽኑን በየቀኑ ከሚያንቀሳቅስ ሰው ጋር ከጥቅሉ እስከ ካርቶኑ ድረስ በእግራችሁ ሂዱ። እያንዳንዱን ክፍል እየጠቆማችሁ "ይህን ምን ትሉታላችሁ?" በሉ፤ የሰማችሁትን እንዳለ ጻፉ። ሠራተኛው "ቺንጋ" የሚለውን እናንተ "የማስተላለፊያ ቀበቶ" ብትሉት ቃሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሰውዬው ግን ለአንድ ሰከንድ ቆም ብሎ ያስባል፤ ማሽን ፊት ያቺ ሰከንድ ውድ ናት። ከዚያ ቴክኒሻኑ ሲመጣ ያንኑ ዙር ከእሱ ጋር ድገሙትና የእሱን ስሞች ከጎን አስፍሩ። በሦስተኛው ዓምድ ክፍሉ ምን እንደሚሠራ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ስሙ በድንገት ቢጠፋባችሁ በሥራው ልትጠሩት ትችላላችሁ፦ "ፕላስቲኩን ወጥሮ የሚይዘው ክንድ" ማንም ይገባዋል።

በዚህ ዙር ውስጥ በተለይ አንድ ቃል ፈልጋችሁ አጥሩት፤ "ቁልፍ" የሚለውን። በአማርኛ ፓነሉ ላይ የሚጫኑት ቁልፍ ነው፤ ኃይል የሚያቋርጠው ማዞሪያም ቁልፍ ነው፤ የመቆለፊያው መክፈቻ ቁልፍ ነው፤ አንዳንዱ የብሎን መፍቻውንም ቁልፍ ይለዋል። ቴክኒሻኑ አራት የተለያዩ ቃላት ሲናገር እናንተ አራት ጊዜ "ቁልፍ" ካላችሁ፣ ሠልጣኙ የሚመራው በግምት ብቻ ነው። ከሠልጣኞቹ ጋር ተስማሙና ለያዩት፦ የሚጫኑት "በተን"፣ የሚዞረው "ማዞሪያ"፣ ለብሎን "መፍቻ"፣ "ቁልፍ" ደግሞ ለመቆለፊያው ብቻ። ስምምነቱን በመጀመሪያው ጠዋት ጮክ ብላችሁ ተናገሩት።

በጣም የሚያስፈልጉትን አሥር ያህል ክፍሎች በወረቀት ቴፕ ቁጥር ብትለጥፉባቸው ደግሞ ብዙ ምላስ ይተርፋችኋል። የጋለና የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ አትለጥፉ፤ አጠገቡ ባለው ሽፋን ላይ ይሁን፤ የሚለጥፈውም ማሽኑ ቆሞ ሳለ ሠራተኛው ራሱ ይሁን።

2. ሦስቱን "ማቆሞች" ለዩ

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህንን ነው፤ የተማርኩት በመጥፎ መንገድ ስለሆነ።

ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ቴክኒሻን መንጋጋውን ከዱቄት ስለማጽዳት እያስረዳ ነበር። መጀመሪያ የማሽኑ ኃይል ሙሉ በሙሉ ይቋረጥ አለ። እኔ "ማሽኑን ዝጉትና አጽዱት" አልኩ። አንድ ወጣት ሠልጣኝ ፓነሉ ላይ ያለውን የማቆሚያ በተን ተጫነ፤ ማሽኑ ቆመ፤ ልጁ በሩን ከፍቶ ጨርቅ ይዞ እጁን ላከ። ያልኩትን ነው ያደረገው። ቴክኒሻኑ አንጓውን ይዞ ወደ ኋላ ባይስበው ኖሮ እጁ ይጎዳ ነበር፤ መንጋጋው ያኔም ከ140 ዲግሪ በላይ ነበር፤ መንጋጋውን የሚገፋው የታመቀ አየርም በሲሊንደሮቹ ውስጥ እንዳለ ነበር።

በአማርኛ "ዝጉት" የሚለው ቃል ሦስት ነገር ይሸፍናል፤ ማሽኑ ላይ ግን ሦስቱ በጣም የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ተራ ማቆም ነው፦ እንቅስቃሴው ይቆማል፣ ኤሌክትሪኩም አየሩም ሙቀቱም አለ። ሁለተኛው የአደጋ ጊዜ ማቆም ነው፤ ቀዩን ትልቅ በተን መምታት። ይህ እንቅስቃሴን በፍጥነት ይገታል፤ ነገር ግን ፓነሉ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሪክ ያጠፋል ማለት አይደለም፤ የጋለውንም አያቀዘቅዝም። ለጽዳት ወይም ለጥገና እጅ ለማስገባት ፈቃድ አይሆንም። ሦስተኛው ኃይል ቆርጦ መቆለፍ ነው፦ ዋናው ማዞሪያ ወደ ዜሮ ይዞራል፤ እጁን የሚያስገባው ሰው የራሱን መቆለፊያ ያስገባበትና ቁልፉን ኪሱ ይከታል፤ የአየሩ ቫልቭ ይዘጋል፤ በውስጥ የቀረው አየር ይለቀቃል፤ ጌጁ ዜሮ ማለቱ ይታያል፤ በመጨረሻ ማስነሻው ተጭኖ ማሽኑ አለመነሣቱ ይረጋገጣል።

እኔ አሁን የምጠቀመው "አቁሙ"፣ "ቀዩን ምቱ" እና "ቆርጣችሁ ቆልፉ" ነው። "ዝጉ" የሚለው ለበርና ለቫልቭ ብቻ ቀርቷል። እናንተ ሌላ ቃል ልትመርጡ ትችላላችሁ፤ ዋናው ለአንዱ ነገር አንድ ቃል መሆኑና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን አለመለወጡ ነው። ቴክኒሻኑ ራሱ ግልጽ ያልሆነ ቃል ከተናገረ አትተርጉሙ፤ "ከሦስቱ የትኛው?" ብላችሁ ጠይቁት።

3. ከቴክኒሻኑ ጋር አሥር ደቂቃ ተቀመጡ

አራት ነገር ብቻ ጠይቁት። አንደኛ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ይቁም። ሁለተኛ፣ "ይህ" እና "እዚያ" ከማለት ይልቅ የነገሩን ስም ይጥራ፤ እናንተ ዓይናችሁ ማስታወሻ ላይ ሳለ ጣቱ የት እንደነበረ አታዩም። ሦስተኛ፣ እየተረጎማችሁ ሳለ እጁ ይቁም። ሠልጣኞች የሚንቀሳቀስ እጅ እያዩ የሚነገራቸውን አይሰሙም፤ ወይ ያያሉ ወይ ይሰማሉ። አራተኛውን ብዙዎች አያስቡበትም፦ ቴክኒሻኑ "ቁም!" የሚለውን የአማርኛ ቃል ይማር፤ ሠልጣኞቹም የእሱን የማቆሚያ ቃል ይማሩ። አደጋ ሲመጣ ቃሉ በእናንተ በኩል ለማለፍ ጊዜ የለውም።

በዚያው አሥር ደቂቃ ውስጥ ስለ አቅጣጫም ተስማሙ። ፊት ለፊት የቆሙ ሰዎች ቀኝና ግራቸው የተገለባበጠ ነው። "ፕላስቲኩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሲታይ" ወይም "በሩ ያለበት ጎን" እና "ሞተሩ ያለበት ጎን" ማለት ከቀኝና ግራ የተሻለ ይሠራል።

4. የት ትቆማላችሁ? መቼ ትናገራላችሁ?

ከቴክኒሻኑ ጎን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ፊታችሁ ወደ ሠልጣኞቹ። በሠልጣኝና በማሽኑ መካከል አትግቡ፤ ከመከላከያ በሩ ውስጥም አትገኙ። ቡድኑ ከስድስት ሰው ከበለጠ ከኋላ ያሉት ስለማያዩ ሁለት ቦታ እንዲከፈል ጠይቁ።

ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ካስፈለጋችሁ ጫጫታው ወደ 85 ዴሲቤል ገደማ ደርሷል ማለት ነው፤ የጆሮ መከላከያ የሚያስፈልግበት ደረጃ ነው። እዚያ ውስጥ መጮህ ድምፃችሁን ይጨርሳል፤ ቁጥርም ያሳስታል። ስለዚህ ትምህርቱን በሦስት ክፈሉት፦ ማሽኑ ቆሞ ሳለ ይገለጽና ይተርጎም፤ ከዚያ ማሽኑ ይነሣና ቴክኒሻኑ ያለ ንግግር ያሳይ፤ እንደገና ይቁምና ጥያቄ ይመለስ። ቴክኒሻኑ ማሽኑ እየሠራ መናገር ቢጀምር መዳፋችሁን ዘርግታችሁ አስቁሙት።

5. ማስጠንቀቂያውን ወደ ፊት አምጡት

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ "አት…" የሚለውም ከግሱ ጋር አብሮ መጨረሻ ይመጣል። "በሩን ከፍታችሁ መንጋጋው አጠገብ የተጠራቀመውን ዱቄት በጨርቅ ለመጥረግ፣ ኃይሉ ሳይቆረጥ፣ እጃችሁን አታስገቡ" ሲባል ሰሚው ስድስት ሰከንድ ያህል የሚሰማው የአሠራር መመሪያ ነው፤ ክልከላ መሆኑን የሚያውቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። ስለዚህ ሰብራችሁ ተናገሩት፦ "እጅ አታስገቡ! ኃይሉ ካልተቆረጠ በቀር። ዱቄት ለመጥረግም ቢሆን።" ሰዋስው የሚወድ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ ለእጅ ግን ይህ ይሻላል።

ሁለተኛው የአማርኛ ወጥመድ "ይለቀቃል"፣ "ይዘጋል"፣ "ይቆማል" የሚሉት ግሶች ናቸው። "በሩ ሲከፈት አየሩ ይለቀቃል" ስንል ማሽኑ ራሱ ይለቅቀዋል ማለት ነው? ወይስ እናንተ ልትለቁት ይገባል? ሁለቱንም ይሆናል። ሁለት ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይሄዳል። ሁልጊዜ አድራጊውን ጥሩ፦ "ማሽኑ በራሱ ይለቅቀዋል" ወይም "እናንተ በእጃችሁ ትለቅቁታላችሁ"። ማን እንደሚያደርገው እናንተም ካላወቃችሁ ጠይቁ።

6. አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ፦ ከረጢቱ "ይከፈታል"

የሥልጠናው ሁለተኛ ቀን ነው እንበል። ከረጢቶቹ ከታች በኩል እየፈሰሱ ነው። አንዲት ሠልጣኝ "ከታች ይከፈታል" አለች። ይህን ቃል እንዳለ ብታሻግሩት ቴክኒሻኑ የሚይዘው ነገር የለውም፤ የችግሩ መነሻ የሚታወቀው በምን ዓይነት እንደተከፈተ ነውና። እሱም ይጠይቃል፦ ተላጠ ወይስ ተቀደደ?

ልዩነቱን ራሳችሁ ማወቅ አለባችሁ፤ ያለዚያ ቃሉን አትመርጡም። ሁለቱ ፕላስቲኮች ሳይጎዱ ከላይ ከላዩ ከተላቀቁ "ተላጠ" ነው፤ ሙቀቱ፣ የጨበጣው ጊዜ ወይም ግፊቱ አንሷል ማለት ሊሆን ይችላል። የተጣበቀው መስመር ይዞ ፕላስቲኩ ከመስመሩ ጠርዝ ላይ ከተሰነጠቀ፣ መስመሩም ከተጨማደደ "ተቀደደ" ነው፤ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል። መስመሩ ሲላጥ በውስጡ የዱቄት ክር ከታየ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ዱቄቱ መንጋጋው ከመዘጋቱ በፊት ወርዶ አልጨረሰም። እዚህ ላይ ሙቀት ቢጨመር ምንም አይጠቅምም።

ሠልጣኟ ከረጢቱን ላጥ አድርጋ አየችና "ንጹሕ ነው፣ ዱቄት የለውም፣ ብቻ ተላጠ" አለች። ቴክኒሻኑ ሙቀቱን አምስት ጨምሩ አለ። በዚህ ቦታ "በ5 ጨምሩ" እና "ወደ 5 አድርሱ" በጫጫታ ውስጥ ይቀላቀላሉ፤ ስለዚህ መነሻውንም መድረሻውንም አብራችሁ ተናገሩ፦ "በ5 ዲግሪ ጨምሩ፤ 140 የነበረው 145 ይሁን።" ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ በ `SP` የሚታየው የታዘዘው ሙቀት ነው፣ በ `PV` የሚታየው አሁን መንጋጋው ላይ ያለው። ስክሪኑ ላይ የሚነበበውን ጽሑፍ አትተርጉሙት፤ እንዳለ አንብባችሁ ትርጉሙን አስከትሉ። ነገ ሠልጣኟ ብቻዋን ስትቆም የምታየው እሱን ፊደል ነው።

ቴክኒሻኑ ቀጠለ፦ ሁለቱ ቁጥሮች እስኪገናኙ ጠብቁ፤ ከዚያም ጥቂት ደቂቃ ጨምራችሁ ጠብቁ፤ አሥር ከረጢት አውጡና ውኃ ውስጥ ጨቁናችሁ አረፋ ይወጣ እንደሆነ እዩ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሙቀቱንም ጊዜውንም አንድ ላይ ከነካችሁ የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁም።

ከዚያ ስለ ጨበጣው ጊዜ ሲያወራ ወረቀት ላይ "0,35" ብሎ ጻፈ። ብዙ አገሮች የአሥርዮሽ ነጥቡን በነጠላ ሰረዝ ይጽፋሉ፤ ሺውን ደግሞ በነጥብ ይለያሉ፤ በእነሱ አጻጻፍ "1.200" አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው። የማሽኑ ስክሪን ግን የሚቀበለው በሚሊ ሰከንድ ነበር። ስለዚህ ትርጉሙ "ዜሮ ነጥብ ሦስት አምስት ሰከንድ፤ ስክሪኑ ላይ 350 ብላችሁ ታስገባላችሁ" ሆነ፤ ከመናገሩ በፊትም አስተርጓሚው ቴክኒሻኑን "350 ነው?" ብሎ ማረጋገጥ ነበረበት። ቁጥርን በጆሮ ብቻ አትመኑ። በእንግሊዝኛ አሥራ አምስትና ሃምሳ፣ አሥራ ሦስትና ሠላሳ በጫጫታ ውስጥ አንድ ይመስላሉ፤ ቴክኒሻኑም እንግሊዝኛው የእናቱ ቋንቋ ካልሆነ ይበልጡን። በትንሽ ማስታወሻ ጻፉት፣ ለቴክኒሻኑ አሳዩት፣ ራሱን ሲነቀንቅ ተናገሩት።

7. የሠልጣኙን ስሕተት አታርሙለት

ቴክኒሻኑ "ገባችሁ?" ሲል ሁሉም "አዎ" ይላል። ይህ መልስ የሚነግረው ነገር የለም፤ በዕረፍት ሰዓት ለቴክኒሻኑ "አድርጋችሁ አሳዩኝ" ወይም "በራሳችሁ ቃል ንገሩኝ" ቢላቸው እንደሚሻል ምከሩት።

ሠልጣኙ መልሶ ሲናገር ግን የእናንተ ፈተና ይጀምራል። አንዱ "ሙቀቱን በ5 እጨምራለሁ፣ ከዚያ አሥር ከረጢት አወጣለሁ" አለ። መጠበቁን ዘለለው። እናንተ ጠዋት ሙሉ ስለሰማችሁ መጠበቁን ታውቁታላችሁ፤ ልጁም አብሯችሁ የሚውል ሰው ነው፤ አንጀታችሁ "ጠብቄ" የምትለዋን ቃል ጨምሩለት ይላችኋል። አትጨምሩ። ቴክኒሻኑ የጎደለውን ካልሰማ አይሞላውም፤ ልጁም ነገ ሳይጠብቅ ይሠራል። ማመንታቱንም "አይመስለኝም፣ ግን…" ያለውንም እንዳለ አሻግሩ።

በጎን የሚንሾካሾኩትንም አስቡ። በመጀመሪያው ጠዋት "እዚህ የሚነገረውን ሁሉ እተረጉማለሁ" ብላችሁ በሁለቱም ቋንቋ ተናገሩ። ስትተረጉሙ እንደ ተናጋሪው "እኔ" እያላችሁ ተርጉሙ፤ ራሳችሁ መናገር ሲያስፈልጋችሁ ግን "እኔ አስተርጓሚው እየጠየቅሁ ነው" በሉ። ከሦስትና አራት ቀን በኋላ መልሱን ስለምታውቁት ሠልጣኞች ቀጥታ እናንተን መጠየቅ ይጀምራሉ። ጥያቄውን ወደ ቴክኒሻኑ ውሰዱት። ማሽኑንም አትንኩ፣ በተንም አትጫኑ፤ የእናንተ እጅ ከማስታወሻው ውጭ ሥራ የለውም።

8. ዕረፍትና የቀኑ መጨረሻ

ብቻችሁን ከሆናችሁ በየ45 ደቂቃው ዕረፍት ጠይቁ። መድከማችሁ የሚታወቀው ቁጥር ሁለት ጊዜ ማስደገም ስትጀምሩ ወይም ዓረፍተ ነገሩን ጀምራችሁ ግሱ ሲጠፋባችሁ ነው።

ሥራ ከማለቁ 15 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ከቴክኒሻኑና ከፈረቃው ኃላፊ ጋር ተቀመጡ። በቀኑ የተለወጠውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፉ፦ የቱ ክፍል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ስሙ፣ ከስንት ወደ ስንት፣ ለምን። ቁጥሮቹን ከማስታወሻችሁ ሳይሆን ከማሽኑ ስክሪን ላይ እያነበባችሁ ሙሉት። በዚያ ቀን በደከመ አፍ የተሳሳታችሁት ቁጥር ካለ የሚወጣው እዚህ ነው፤ ሲወጣም ሠልጣኞቹ ከመበተናቸው በፊት ሰብስባችሁ "ጠዋት 155 ያልኩት ስሕተት ነው፤ 145 ነው" ብላችሁ በግልጽ አርሙት። ገጹ ላይ ቴክኒሻኑና ኃላፊው ይፈርሙ፤ የማታው ፈረቃ እንዲያየው ፓነሉ አጠገብ ይለጠፍ።